ብሮውዘሩ «አትግባ» ሲል፦ ልውጣ ወይስ ልቆይ?

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ስልክና ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ከስክሪን መሰበር ቀጥሎ የሚበዛብኝ ጥያቄ የብሮውዘር ማስጠንቀቂያ ነው። ሰው ወይ ደንግጦ ስልኩን ያጠፋዋል፣ ወይ ሳያነብ ተጭኖ ያልፋል። ዛሬ ሐምሌ 20 እሑድ ስለሆነ ሱቅ ዝግ ነው፤ እስከ ማታ 4 ሰዓት እመልሳለሁ። ስትጠይቁ ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ እንዳለ ጻፉልኝ።

ከሸዋ በር፦ Your connection is not private ይለኛል። የትም ብገባ ያው ነው። ቫይረስ ይሆን?

መልስ፦ በሁሉም ገጽ ከሆነ መጀመሪያ የስልክህን ቀን እይልኝ። ዓመቱ ስንት ይላል?

ከሸዋ በር፦ 2017። ልክ ነው እኮ።

መልስ፦ አብሽር፣ ቫይረስ አይደለም። ችግሩ እሱ ነው።

ስልኩ የሚያውቀው የፈረንጆችን አቆጣጠር ብቻ ነው። አንተ ሐምሌ 20 ቀን 2017ን አስበህ 20፣ 11፣ 2017 ብለህ አስገባህ። ስልኩ ደግሞ ኖቬምበር 20 ቀን 2017 ብሎ ተቀበለህ። በፈረንጆቹ ግን ዛሬ ጁላይ 27 ቀን 2025 ነው። ከሰባት ዓመት ተኩል በላይ ወደኋላ መልሰኸዋል።

ይሄ ገጽ ከመክፈት ጋር ምን አገናኘው ትለኝ ይሆናል። በ https የሚከፈት ገጽ ሁሉ ሰርተፊኬት አለው። እንደ መታወቂያ አስበው። የተሰጠበት ቀን አለው፣ የሚያበቃበት ቀንም አለው። ብሮውዘሩ ገጹን ከመክፈቱ በፊት ሁለቱን ቀኖች ከስልኩ ቀን ጋር ያስተያያል። የእነዚህ መታወቂያዎች ዕድሜ ደግሞ አጭር ነው። ከሴፕቴምበር 2020 ወዲህ የሚሰጡት ከ398 ቀን በላይ አይቆዩም፤ ብዙዎቹ እንዲያውም የ90 ቀን ናቸው። ስለዚህ ዛሬ የሚሠሩት በሙሉ ከአንድ ዓመት ከአንድ ወር ገደማ ወዲህ የተሰጡ ናቸው። 2017 ላይ ለቆመ ስልክ ሁሉም ገና ያልተሰጡ መታወቂያዎች ናቸው። በሩን መዝጋቱ ትክክል ነው።

ሴቲንግ ውስጥ Date & time ግባ። በራሱ እንዲያስተካክል የሚለውን አብራው። የሰዓት ቀጠናው GMT+03:00 መሆኑን እይ። ከዚያ ብሮውዘሩን ዘግተህ ክፈተው።

ከሸዋ በር፦ ወላሂ ተከፈተ! ፕሌይ ስቶርም እምቢ ብሎኝ ነበር፣ እሱም ሠራ። ግን እኔ የሀበሻውን ቀን ማየት እፈልጋለሁ።

መልስ፦ ለእሱ የኢትዮጵያ ካላንደር አፕ ጫን። ስልኩ ራሱ ላይ ያለውን ቀን ግን አትንካ።

ከሆጤ፦ ሰዓቱም እንደዚያው ነው። እኔ ስልኬን በሀበሻ ሰዓት ነው የሞላሁት፣ ጠዋት 3 ሰዓት ሲሆን 3:00 ይላል። እሱም ገጽ ይከለክላል።

መልስ፦ ግማሹ ልክ ነው ወንድሜ። ሰዓቱን ማዛባት ጥሩ አይደለም። ግን ስድስት ሰዓት ወደኋላ ብትል አብዛኛው ገጽ ይከፈትልሃል፤ የሚዘጋው መታወቂያው በእነዚያ ስድስት ሰዓታት ውስጥ የተሰጠ ገጽ ብቻ ነው። የአንተ ስልክ ብዙ ገጽ ከከለከለህ ቀኑንም አብረህ ነክተኸዋል። አንዴ እየው።

ከኮምቦልቻ፦ የኢንተርኔት ቤት አለኝ። አንዱ ኮምፒውተር መብራት በሄደ ቁጥር ይሄንኑ ያመጣል። Your clock is behind ይላል። አስተካክለዋለሁ፣ በማግስቱ ተመልሶ ይመጣል። ዊንዶውስ ልቀይር?

መልስ፦ ዊንዶውሱን ተወው። ማዘርቦርዱ ላይ የሳንቲም ቅርጽ ያላት ባትሪ አለች፤ ላይዋ CR2032 ይላል። መብራት ሲጠፋ ሰዓቱን የምትይዘው እሷ ናት። ስትደክም ኮምፒውተሩ የጥንት ቀን ይዞ ይነሳል። ምልክቱ አንተ እንዳልከው ነው፤ ሶኬቱ ላይ እንዳለ ደህና፣ ከተነቀለ ወይም መብራት ከሄደ በኋላ ያረጀ ቀን። ቴስተር ካለህ ለካትና ንገረኝ። አዲሷ 3 ቮልት ነች።

ተማሪ ነኝ፦ የኔ ግን አንድ ገጽ ላይ ብቻ ነው። የሥልጠና መመዝገቢያ ነው፣ NET::ERR_CERT_DATE_INVALID ይላል። ቀኔ ልክ ነው። Advanced የሚለውን ነክቼ Proceed ብል ምን ይመጣል?

መልስ፦ ጥሩ አድርገሽ ለየሽው። በሁሉም ገጽ ከሆነ ጥፋቱ ከአንቺ ዘንድ ነው፤ በአንድ ገጽ ብቻ ከሆነ ከገጹ ዘንድ። አብዛኛውን ጊዜ የገጹ ባለቤት መታወቂያውን ማደስ ረስቶ ነው። ሌባ የለበትም።

ታዲያ ለምን አትግቢ እላለሁ? ብሮውዘሩ አሁን ከማን ጋር እንደሚነጋገር ማረጋገጥ አልቻለም። ምናልባት ከትክክለኛው ገጽ ጋር ነው። ምናልባት መሃል ላይ የገባ ሰው አለ። አንቺም እኔም ከውጭ ሆነን መለየት አንችልም። ስምሽን፣ የመታወቂያ ቁጥርሽን፣ ፓስዎርድሽን የምትጽፊበት ገጽ ከሆነ ውጪ። ስልክ ደውለሽ «ሰርተፊኬታችሁ ጊዜው አልፏል» በያቸው። ለሚያውቀው ሰው የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው።

አንዳንድ ገጽ ደግሞ Proceed የሚለውን ጨርሶ አያሳይም። ባለቤቱ አስቀድሞ «ያለ ትክክለኛ መታወቂያ ማንንም አታስገቡ» ብሎ ለብሮውዘር አሳውቋል ማለት ነው። እዚያ ላይ መንገድ አትፈልጊ።

ከአራዳ፦ እኔም እንዲሁ ሆኖብኝ ነበር። ሆቴል ቁጭ ብዬ ዋይፋይ ስይዝ ሁሉም ገጽ ያስጠነቅቃል። ቤት ስገባ ይጠፋል። ቀኔ ልክ ነው።

መልስ፦ ይሄ ሦስተኛው ዓይነት ነው። የሆቴሉ ዋይፋይ መጀመሪያ የራሱን መግቢያ ገጽ ሊያሳይህ ይፈልጋል። አንተ ሌላ ገጽ ስትጠራ መሃል ገብቶ ወደራሱ ይስብሃል። ብሮውዘሩ ደግሞ የጠራኸው ሌላ፣ የመጣው ሌላ ሆኖ ያገኘዋል። ማስጠንቀቂያውን አትለፈው። አድራሻው ላይ http://neverssl.com ብለህ ጻፍ፤ ለዚሁ ሥራ የተዘጋጀ ገጽ ነው። የሆቴሉ መግቢያ ይመጣልሃል። ኮዱን አስገብተህ ከገባህ በኋላም ማስጠንቀቂያው ካልጠፋ ዋይፋዩን ዝጋና በሲምህ ተጠቀም።

ከሮቢት፦ ቪፒኤን ያበራ ሰው ይሄ ሁሉ አይነካውም። እኔ ሁልጊዜ አብርቼ ነው የምገባው።

መልስ፦ ዋይፋዩ ላይ ከሚያዳምጥህ ሰው ይከልልሃል፣ እውነት ነው። ግን የገባህበት ገጽ የሌባ ከሆነ ቪፒኤኑ የሚያደርገው በደህና ሌባው ቤት ድረስ መሸኘት ነው። የሚቀጥለውን ጥያቄ ተመልከት።

እናት ነኝ፦ ልጄ በቴሌግራም የመጣ የሽልማት ሊንክ ነካሁ ብሎ ስልኩ ሙሉ በሙሉ ቀይ ሆነ። Dangerous site ይላል። ቀኑን አስተካክሉ ነው የምትሉኝ?

መልስ፦ አይደለም እናቴ፣ ይሄኛው ሌላ ነው። ቀኑን አይንኩት። ቀዩ ገጽ ስለ መታወቂያ አይደለም የሚያወራው። ጉግል የአጭበርባሪ ገጾችን ዝርዝር ይይዛል፤ ክሮምም ፋየርፎክስም ያንን ይመለከታሉ። ቀይ ሲሆን አድራሻው ዝርዝሩ ላይ ተገኝቷል ማለት ነው። በፊት Deceptive site ahead ይል ነበር፤ ያው ነው። እዚህ ላይ ማሰብ አያስፈልግም። ይውጡ፣ ሊንኩንም ያጥፉት፣ ለማንም እንዳያስተላልፍ።

አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ቀዩ ከመምጣቱ በፊት ልጁ የጻፈው ነገር አለ?

እናት ነኝ፦ ትናንት ማታም ነክቶት ነበር። ያኔ ቀይ አልሆነም። የሞባይል ገንዘብ ፒን ጠይቆት ሰጥቷል፣ ግን የቁልፍ ምልክት ስላለው ነው ያመንኩት ይላል።

መልስ፦ እንግዲያው አሁኑኑ ፒኑን ይቀይሩ። በሊንኩ ሳይሆን በዋናው አፕ። ቴሌብር ከሆነ በ*127# ይግቡ። ያንን ፒን ሌላም ቦታ ይጠቀምበት ከነበረ እዚያም ይለወጥ። በአጭር መልእክት የመጣ ኮድ ሰጥቶ ከሆነ ደግሞ ለአገልግሎት ሰጪው ደውለው ሒሳቡን እንዲያግዱት ይጠይቁ። ይሄን ሳይጨርሱ የቀረውን አያንብቡ።

ለሌሎቻችሁ። ትናንት ቀይ ያልሆነው ዝርዝሩ ላይ ገና ስላልገባ ነው። አጭበርባሪ ገጽ ተከፍቶ እስኪታወቅ ጊዜ ይወስዳል። ሰው የሚበላው በዚያ መሃል ነው። ቀይ አለመምጣቱ ደህና ነው ማለት አይደለም።

የቁልፍ ምልክቱም እንደዚያው። የሚለው «መንገድ ላይ ማንም አያነብም» ብቻ ነው። ሌባም መታወቂያውን በነፃ ያወጣል። በታሸገ ፖስታ ለሌባ መላክ ነው። ክሮም በ2023 ቁልፉን አንስቶ በሌላ ምልክት የተካው ሰው እንደ ደህንነት ማስረጃ ስለወሰደው ነው።

ታዲያ በምን እንለይ? አድራሻውን ከቀኝ በማንበብ። ልጁ የነካው ሊንክ አሠራሩ እንዲህ ነው፤ ስሙን እኔ ቀይሬዋለሁ፦

```
https://bank.com.et.shilimat.example/login
```

ከ https:// ቀጥሎ ያለችውን የመጀመሪያዋን ጭረት / ፈልጉ። ከእሷ ወደ ግራ አንብቡ። ባለቤቱ ከጭረቷ አጠገብ ያለው ነው፦ shilimat.example። ፊት ላይ ያለው bank.com.et ማንም ሊለጥፈው የሚችል ጌጥ ነው። እውነተኛ ቢሆን .com.et ጭረቷ ሥር ያልቅ ነበር። ስልክ ላይ አድራሻው ስለሚቆረጥ አድራሻውን ነክታችሁ ጭረቷ እስክትታይ ድረስ ግፉት።

ከቧንቧ ውሃ፦ የኔ ቀይም አይደለም፣ ገጹም ይከፈታል። አድራሻው አጠገብ Not secure ብቻ ይላል። የአንድ መሥሪያ ቤት ገጽ ነው፣ ፎርም ሙላ ይላል።

መልስ፦ ገጹ በ http ነው የሚሠራው፤ መታወቂያ ጭራሽ አላወጣም። ከ2018 ጁላይ ወዲህ ክሮም እንዲህ ያለውን ሁሉ በዚህ ቃል ይጠራዋል። ማስታወቂያ ለማንበብ ችግር የለውም። የምትጽፈው ነገር ግን በክፍት ፖስታ ነው የሚሄደው። አትጻፍ።

ከቧንቧ ውሃ፦ ሌላ ምርጫ ከሌለስ? ቢሯቸው አዲስ አበባ ነው። በአካል ለመሄድ የመንገዱ ወጪ አለ።

መልስ፦ ይሄን አልሸፍንልህም፣ ከእኛ በኩል የሚስተካከል ነገር የለም። በስልክ ወይም በፖስታ ይቀበሉ እንደሆነ ጠይቅ። የግድ ከሆነ በሰው ዋይፋይ ሳይሆን በራስህ ዳታ ሙላ፣ ሌላ ቦታ የምትጠቀምበትን ፓስዎርድም አታስገባ። ያም ቢሆን አደጋውን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም።

ከአራዳ፦ እኔ በዚህ አልስማማም። ስም እና ስልክ ብቻ ከሆነ ምን ይሆናል? ስልኬ ቢዝነስ ካርዴ ላይም አለ።

መልስ፦ ስምና ስልክ ብቻ ከሆነ የራስህ ውሳኔ ነው። የመታወቂያ ፎቶ ስቀል ካለ ግን እኔ አልሰቅልም።

ከኮምቦልቻ፦ ባትሪዋን ለካኋት፣ 2.1 ይላል።

መልስ፦ ሞታለች። ኮምፒውተሩን ከሶኬት ንቀል፣ አዲሷን የመደመር ምልክቷን ወደ ላይ አድርገህ አስገባ። ከዚያ ቀኑን አንዴ አስተካክለህ ሌሊቱን ነቅለህ አሳድረው። ጠዋት ቀኑ ልክ ከሆነ አበቃ፤ ካልሆነ ወደ ደሴ ስትወጣ ይዘኸው ና።