ኪንታሮቱ የውስጥ ነው ወይስ የውጭ? ደረጃውስ?

«ሐኪሙ ካርዴ ላይ "የውስጥ ኪንታሮት፣ ደረጃ ሁለት" ብሎ ጻፈ። ግን ሽንት ቤት ስቀመጥ ወደ ውጭ ይወጣል። ታዲያ እንዴት የውስጥ ይባላል?»

ስሙ የሚሰጠው ከተነሳበት ቦታ እንጂ አሁን ከሚታይበት ቦታ አይደለም። ከፊንጢጣ ጫፍ ወደ ውስጥ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ አንድ መለያ መስመር አለ። ከመስመሩ በላይ ያለው ገጽ እንደ አፍ ውስጥ ስስና እርጥብ ነው፤ ቆዳ የሚሰማው ዓይነት ህመምም አይሰማውም። ከመስመሩ በታች ያለው ግን ቆዳ ነው፤ መርፌ ቢነካው ያስጮኻል። ከላይ የተነሳው የውስጥ፣ ከታች የተነሳው የውጭ ይባላል። የውስጡ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ህመም የሚደማውም ለዚህ ነው። የእርስዎ ተንሸራቶ ቢወጣም ሥሩ ከመስመሩ በላይ ስለሆነ ስሙ አይቀየርም።

«ደረጃ የሚሉት ምንድን ነው የሚለካው? የእኔ በፊት ሲወጣ ራሱ ይመለስ ነበር። ከሦስት ወር ወዲህ ግን በጣቴ ካልገፋሁት አይገባም።»

የሚለካው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ መውጣትና መመለስ። ደረጃ አንድ ሊደማ ይችላል፣ ወደ ውጭ ግን አይወጣም። ደረጃ ሁለት ሲያምጡ ይወጣል፣ ሲጨርሱ ራሱ ይገባል። ደረጃ ሦስት በእጅ ካልተመለሰ አይገባም። ደረጃ አራት ቢገፉትም አይገባም፣ ወይም ገብቶ ወዲያው ይወጣል። በነገሩኝ መሠረት እርስዎ ከሁለት ወደ ሦስት አልፈዋል።

ይህ ለውጥ የሚሆነው ኪንታሮቱን ከአንጀቱ ግድግዳ ጋር ይዞ ያቆመው ሥጋ ስለላላ ነው። ድርቀትና ረጅም ማማጥ ያላሉታል። ሐኪምዎ ደረጃውን የሚያውቀው በአብዛኛው ከእርስዎ አፍ ነው፤ ምርመራ አልጋ ላይ ሲተኙ ገብቶ ሊሆን ይችላልና። ስለዚህ «ይወጣል» ብቻ ብለው አያቁሙ። «በጣቴ ነው የምመልሰው» ብለው በግልጽ ይንገሩት፤ ማፈር አያስፈልግም።

ሕክምናውም በዚህ ይወሰናል። ደረጃ ሁለት፣ ብዙ ጊዜም ደረጃ ሦስት፣ ሥሩ ላይ ትንሽ የጎማ ቀለበት በማሰር ይታከማል። ደም ሲቋረጥበት ሥጋው ይደርቅና በሳምንት ገደማ ይወድቃል። ቀለበቱ ከመለያው መስመር በላይ መታሰር አለበት። እንደታሰረ ወዲያው ከባድ ህመም ከተሰማዎት ዝቅ ብሎ ታስሮ ሊሆን ይችላልና ያኔውኑ ይናገሩ። ቤት ከገቡ በኋላ ህመሙ እየጨመረ ትኩሳት ከመጣ ወይም ሽንት እምቢ ካለ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ቢሆንም አደገኛ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። ለደረጃ አራትና ለትልቅ ደረጃ ሦስት የሚመረጠው ቀዶ ሕክምና ነው።

«ደረጃ አንድ ነው ተባልኩ፤ ግን ደሙ ብዙ ነው። ተሳስተው ይሆን?»

የግድ አይደለም። ደረጃው የደሙን መጠን አይናገርም። ምንም የማይወጣ ኪንታሮት ሽንት ቤቱን በደም ሊያቀላ ይችላል፤ ደረጃ አራት ሆኖ እምብዛም የማይደማ አለ። ለወራት ደም ከፈሰሰዎት የደም ማነስ ምርመራ ያድርጉ። ሌላው ደግሞ ደሙ የግድ ከኪንታሮቱ ነው ብሎ መደምደም አይገባም። ደሙ ከጠቆረ ወይም ከሰገራው ጋር ከተቀላቀለ፣ የሰገራ ልማድዎ ከተለወጠ፣ ክብደት ከቀነሱ ወይም ቤተሰብ ውስጥ የአንጀት ካንሰር ካለ፣ ትልቁ አንጀት በካሜራ ይታይ።

«ትናንት በድንገት ሰማያዊ መሳይ እብጠት ወጣብኝ። መቀመጥ አቃተኝ። ደረጃ አራት ደረስኩ ማለት ነው?»

ምናልባት የውጭ ኪንታሮት ውስጥ ደም ረግቶ ይሆናል። የውጭ ኪንታሮት ደግሞ ደረጃ የለውም፤ አራቱ ደረጃዎች ለውስጡ ብቻ ናቸው። እብጠቱ በደረቅ ቆዳ የተሸፈነ አንድ ጠንካራ ጉብታ ከሆነ ይሄው ነው። ለመመለስ አይግፉት፤ ቦታው እዚያው ስለሆነ የሚገባበት የለም። ህመሙ የሚበረታው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ነው። በ72 ሰዓት ውስጥ ከሄዱ ሐኪም ቦታውን አደንዝዞ ቆርጦ ሊያወጣው ይችላል። ካለፈ ብዙውን ጊዜ ለብ ባለ ውኃ መዘፍዘፍና ማስታገሻ ይበቃዋል። እርጥብና ቀይ ሥጋ ወጥቶ አልገባ ካለ፣ እያበጠና እየጠቆረ ካመመዎት ግን እሱ የታነቀ የውስጥ ኪንታሮት ነው። ዛሬውኑ ይታዩ።

«እብጠቱ ጠፋ፤ ግን የተንጠለጠለች ትንሽ ቆዳ ቀረች። ይህችስ?»

እብጠቱ ለጥጦት የቀረ ቆዳ ነው። ለጽዳት ካላስቸገረዎት ይተዋት። ካደገች፣ ከጠነከረች ወይም ከደማች ግን ያሳዩዋት።