መልስ፦ 144 ኸርዝ ለምን 60 ላይ ይቀራል?

«ቱሉ ዲምቱ ነኝ። ሞኒተሬ 1440p፣ 144 ኸርዝ ነው፤ በኤችዲኤምአይ ግን ከ60 አያልፍም። 8K የሚል ኬብል ልግዛ?»

ቆይ ወንድሜ፣ አትግዛ። መጀመሪያ የሞኒተሩን ማንዋል እይ። የኤችዲኤምአይ ቀዳዳው ስሪት 1.4 ከሆነ በሰከንድ 8 ጊጋቢት ገደማ ብቻ ያሳልፋል፣ ያንተ ምስል ግን በ8 ቢት ቀለም 14 ያህል ይፈልጋል። ውድ ኬብል ቀዳዳውን አያሰፋውም።

ዲስፕሌይፖርት ተጠቀም። የሞኒተሩም የግራፊክስ ካርዱም ዲስፕሌይፖርት 1.4 ከሆነ 26 ገደማ ስለሚያሳልፍ ለ10 ቢትም ይተርፋል። ኬብሉ ከሁለት ሜትር አይብለጥ፤ ማሸጊያው ላይ DP8K የሚል የማረጋገጫ ምልክት ፈልግ፣ ባዶ «8K» ማንም ያትመዋል። ከሰካህ በኋላ ዊንዶውስ ላይ Advanced display ገብተህ 144ን ራስህ ምረጥ። ስክሪኑ ደጋግሞ ለአፍታ እየጠቆረ ከተመለሰ ብዙ ጊዜ ኬብሉ አልቻለም ማለት ነው፤ ያኔ ቀይረው።