ለሰርግ የወጣ ፈቃድ ለለቅሶ ሲሆን

«ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ባለ ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ እሠራለሁ። ሦስት ዓመቴ ነው። ጥምቀትን ሠርቼ ለወንድሜ ሰርግ ከሰኞ ጥር 18 ጀምሮ 12 የሥራ ቀን ፈቃድ ተፈርሞልኝ ነበር። ቅዳሜ ማታ ግን አያቴ ዳባት አረፈች። ሰርጉም ከፋሲካ በኋላ ሆነ። አንድ ሳምንት ቆይቼ ጥር 25 ሥራ ልግባና የቀረውን ለሰርጉ ላቆየው አስቤያለሁ። ለአለቃዬ ብደውልለት ይበቃል?»

እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ እህቴ። ነፍሷን ይማር።

ደውዪ፤ ግን ስልኩ ብቻ አይበቃም። ወጣት ሠራተኛ ሳለሁ ከፈቃድ አምስት ቀን ቀድሜ ተመልሼ ነበር። አለቃዬ በስልክ «ጎሽ፣ ነይ» አለኝ። ከሦስት ወር በኋላ ቀሪ ቀኖቼን ስጠይቅ እሱ ሥራ ቀይሯል፤ የፈቃድ መዝገቡ ላይ ደግሞ ሁሉንም እንደወሰድኩ ተጽፏል። ፈቃዱን የሰጠሽ ወረቀት ስለሆነ የሚያሳጥረውም ወረቀት መሆን አለበት።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። ይህን ሳምንት ሙሉውን ከዓመት ፈቃድሽ ላይ አታስቆርጪ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 81 የቅርብ ዘመድ ለሞተበት ሠራተኛ 3 የሥራ ቀን ከደመወዝ ጋር ይሰጣል። አያት እዚያ ውስጥ ትገባለች። ሀዘኑ የደረሰብሽ ደግሞ የዓመት ፈቃድሽ ሳይጀምር ነው። ስለዚህ ጥር 18፣ 19 እና 20 የሀዘን ፈቃድ እንዲሆኑልሽ ጠይቂ። ከ21 እስከ 23 ያሉት ሦስቱ ቀኖች ብቻ ከዓመት ፈቃድሽ ይያዙ። እንዲህ ከሆነ ከ12ቱ ስድስት ሳይሆን ዘጠኝ ቀን ይተርፍሻል። አንዳንድ ድርጅት ማስረጃ ስለሚፈልግ ከዳባት ሳትነሺ ከዕድሩ ወይም ከቀበሌው ወረቀት ያዢ።

አሁን ወደ አለቃሽ እንምጣ። የተፈረመ ፈቃድ ማሳጠር ያንቺ ውሳኔ ብቻ አይደለም። ሠራተኛ ፈቃዱን ከፍሎ ለመውሰድም ሆነ ለማስተላለፍ አሠሪው መስማማት አለበት፤ አንቀጽ 79 እንዲህ ይላል። አንቺን ተክታ ፈረቃሽን የያዘች ልጅ አለች። ፕሮግራሟን አስተካክላ ይሆናል፤ ምናልባትም ለሁለት ሳምንት የተቀጠረች ናት። ስለዚህ ስትደውዪ «ሰኞ እገባለሁ» ብለሽ አትጀምሪ። «ሰኞ ጥር 25 ብመለስ የተተካችው ልጅ ላይ ችግር ይፈጥራል?» በዪ። የሚያስጨንቀው እሱ ነውና ቀድመሽ ስታነሺው ነገሩ ይቀለዋል።

እሺ ካለሽ በዚያው ቀን አጭር ደብዳቤ ጽፈሽ ፎቶውን በቴሌግራም ላኪ። እንዲህ ቢሆን ይበቃል፦

«ጉዳዩ፦ የተፈቀደልኝን የዓመት ፈቃድ ስለማሳጠር። ከጥር 18 እስከ 30 ቀን 2018 ዓ.ም. 12 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ ተፈቅዶልኝ ነበር። ጥር 16 አያቴ ስላረፈች ከጥር 18 እስከ 20 ያለው በሀዘን ፈቃድ፣ ከጥር 21 እስከ 23 ያለው በዓመት ፈቃድ እንዲያዝልኝ፣ ጥር 25 ሥራ እንድጀምር፣ ቀሪው 9 ቀንም ከፋሲካ በኋላ ለምወስደው ፈቃድ እንዲተላለፍልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።»

ቀኖቹን እንዲህ ለይተሽ ጻፊ። «ጥቂት ቀን ቀድሜ ልመለስ» የሚል ደብዳቤ ለመዝጋቢዋ ምንም አይነግራትም። ቅዳሜን የሥራ ቀን ብዬ ነው የቆጠርኩት፤ እናንተ ዘንድ ካልሆነ ቁጥሩን አስተካክዪው።

ሌላም ልብ በዪ። ሠራተኛን ከፈቃድ የጠራው አሠሪው ከሆነ መጓጓዣና ውሎ አበሉን አሠሪው ይችላል። አንቺ ግን በራስሽ ጥያቄ ስለምትመለሺ የዳባት ትራንስፖርት የራስሽ ነው። ምናልባት አለቃሽ ቀድሞ «ሰው አጥሮናል፣ ቶሎ ነይ» ካለሽ ነገሩ ይለወጣል። ያኔ «እንዳሳጥር እጠይቃለሁ» ብለሽ አትጻፊ፤ መጠራትሽን ጥቀሺ።

እምቢ ካለሽ አትከራከሪ። ለሰው ከፍሎ ከሆነ እውነት አለው። የሀዘኑን 3 ቀን ግን አትተዪ፤ እሱ መብትሽ ነው።

ጥር 25 ስትገቢ መጀመሪያ የሰዓት መቆጣጠሪያው ላይ ፈርሚ። ከዚያ የደብዳቤውን ሁለት ቅጂ ይዘሽ መዝገብ ቤት ሂጂ። አንዱን አስገቢ፣ ሌላኛው ላይ ቀንና የገቢ ቁጥር አስጽፈሽ አንቺ ጋ አስቀሪ። በወሩ መጨረሻ የፈቃድ ካርድሽን አሳዩኝ በዪና ቀሪው ላይ 9ኙ ቀን መመለሱን በዓይንሽ እዪ። የሰርጉ ቀን እንደተቆረጠ ደግሞ አዲስ የፈቃድ ጥያቄ አስገቢ። ቀኖቹ ተላልፈውልሻል ማለት ለዚያ ሳምንት ተፈቅዶልሻል ማለት አይደለም።