የኮሌስትሮል ክኒን ወንድነትን ይቀንሳል? ውጭ አገር ለምትኖሩ ወንድሞች

ለክረምት ዕረፍት ወይም ለገና ወደ አዲስ አበባ የምትመጡ ወንድሞች፣ ፒያሳና ቸርችል ጎዳና አካባቢ ባሉ ፋርማሲዎች ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ የምትጠይቁት አንድ ጥያቄ አለ፦ «ይህ የኮሌስትሮል ክኒን ይሆን እንዴ እንዲህ ያደረገኝ?» እዚያ ያላችሁበት አገር ሐኪሙን ለመጠየቅ ያፈራችሁት ነው እዚህ የሚነሳው። ብዙዎቻችሁ ደግሞ ከመጠየቃችሁ በፊት ክኒኑን አቋርጣችኋል። ክኒኑን ከማቋረጥ በፊት ጥናቶቹ ምን እንዳገኙ ማወቅ ይገባል።

ጥርጣሬው ከባዶ የተነሳ አይደለም። የወንድነት ሆርሞን የሆነው ቴስቶስትሮን የሚሠራው ከኮሌስትሮል ነው። ስታቲን የሚባሉት የኮሌስትሮል ክኒኖች፣ እነ አቶርቫስታቲን፣ ሲምቫስታቲንና ሮሱቫስታቲን ደግሞ ጉበት ኮሌስትሮል እንዳያመርት ያግዳሉ። ስለዚህ ጥሬ ዕቃው ሲቀንስ ሆርሞኑም ይቀንሳል ብሎ ማሰብ ያስኬዳል። ነገር ግን የዘር ፍሬ ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ኮሌስትሮል በጣም ጥቂት ነው፤ ከደም ይወስዳል፣ ራሱም ያመርታል። ምርቱ ዝቅ ካለም አንጎል ሥር ያለችው ዕጢ ትእዛዟን ጨምራ ታካክሰዋለች።

በፈረንጆቹ 2013 የታተመ፣ በዕጣ የተደለደሉ ሙከራዎችን አንድ ላይ የመዘነ ጥናት በስታቲን ምክንያት የወንዶች ቴስቶስትሮን በአማካይ 0.66 ናኖሞል በሊትር መቀነሱን አሳይቷል። በአሜሪካ አለካክ ይህ ወደ 19 ናኖግራም በዴሲሊትር ነው። ስለዚህ «ምንም አይቀንስም» ማለት ትክክል አይሆንም፤ ጥቂት ይቀንሳል። ቁጥሩ 430 ለሆነ ሰው 19 ማለት ከመቶ አራት ተኩል ያህል ነው። የአንድ ጤነኛ ሰው ቴስቶስትሮን ከአንዱ ጠዋት ወደ ሌላው ጠዋት ከዚህ በላይ ይዋዥቃል። ወንድነትን የሚነካ ልክ አይደለም።

ስለ ብልት መቆም የተገኘው ግን ከተፈራው ተቃራኒ ነው። በፈረንጆቹ 2014 አሥራ አንድ ሙከራዎችን የመዘነ ጥናት አምስት ጥያቄ ያለውን መጠይቅ ተጠቅሟል፤ ውጤቱ ከ5 እስከ 25 ሲሆን 22 እና ከዚያ በላይ ጤነኛ ነው። ችግሩ የነበረባቸው ወንዶች ስታቲን ሲወስዱ ከ14 ወደ 17.4 ከፍ ብለዋል። ይህ ቪያግራን የሚተካ አይደለም፣ ግን መሻሻል ነው። ሆፕ ሦስት የተባለው ትልቅ ሙከራ ደግሞ ሮሱቫስታቲን 10 ሚሊግራም ለዓመታት የወሰዱ ወንዶች ላይ ጉዳትም ጥቅምም አላየም። ሁለቱን አንድ ላይ ስናነባቸው፣ የደም ሥሩ የታመመበትን ሰው ትንሽ ሊረዳ ይችላል፣ ሌላውን አይጎዳም ማለት ይቻላል።

ታዲያ «ክኒኑን ከጀመርኩ ወዲህ ነው» የሚለው ሰው ዋሸ? አልዋሸም። አስኮት በተባለው ሙከራ ከአሥር ሺህ በላይ ሰዎች፣ ግማሾቹ አቶርቫስታቲን 10 ሚሊግራም፣ ግማሾቹ መድኃኒት የሌለበት ተመሳሳይ ክኒን ወሰዱ፤ የትኛውን እንደሚወስዱ አያውቁም ነበር። የመቆም ችግር የገለጹት መድኃኒቱን ከወሰዱት በዓመት ከመቶ 1.86፣ ባዶውን ክኒን ከወሰዱት 2.14 ናቸው። ልዩነቱ በአጋጣሚ ሊመጣ የሚችል ያህል ትንሽ ነው። ባዶውን ክኒን የወሰዱትም ወንዶች ችግሩ ደርሶባቸዋል፤ ምክንያቱም በዚያ ዕድሜ፣ ግፊትና ስኳር ባለበት ሰውነት ላይ ችግሩ በራሱ ጊዜ ይመጣል። ክኒኑም የሚታዘዘው በዚያው ዕድሜ ስለሆነ ጥፋቱ እሱ ላይ ይለጠፋል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር የ54 ዓመት ሰው አቶርቫስታቲን 40 ሚሊግራም፣ ለግፊቱም የሚያሸናውን ሃይድሮክሎሮታያዛይድ 25 ሚሊግራም ይወስዳል። ባለፈው ዓመት እዚያ ሲለካ ቴስቶስትሮኑ 430 ነበር። አዲስ አበባ በገባ በማግሥቱ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ፣ ፍርፍሩን በልቶ፣ አንድ ላቦራቶሪ ይመረመራል። ወረቀቱ ላይ 3.3 ይላል። ሰውየው ይደነግጣል፤ ክኒኑን ይጥላል።

በመጀመሪያ 3.3 የተጻፈው በናኖግራም በሚሊሊትር ነው። በመቶ ሲባዛ 330 ይሆናል። ከአውሮፓ የምትመጡ ደግሞ በናኖሞል ስለለመዳችሁ 3.3ን በ3.47 አባዙት፤ ወደ 11.5 ይመጣል። ሁለተኛ፣ ቴስቶስትሮን በእንቅልፍ ውስጥ እየወጣ ስንነቃ ከፍ ይላል። የአዲስ አበባ ጠዋት 2 ሰዓት በዋሽንግተን እኩለ ሌሊት ወይም ትንሽ ያለፈ ነው፤ እንቅልፍ ያጣው ሰውነቱ ገና ጠዋት አልሆነለትም። ሦስተኛ፣ መብላቱ ብቻውን ቁጥሩን ለጥቂት ሰዓት ዝቅ ያደርጋል። ከ430 ወደ 330 ለመውረድ ስታቲን የግድ አያስፈልግም።

ትክክለኛው አሠራር እንዲህ ነው፦ ከመጣችሁ አንድ ሳምንት ያህል ቆይታችሁ፣ እንቅልፋችሁ ሲስተካከል፣ ሳትበሉ ጠዋት ከ1 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ተለኩ። ውጤቱ ዝቅ ካለ በሌላ ቀን ድገሙት፣ ቢቻል በዚያው ላቦራቶሪ። ሁለቱም በአሜሪካ አለካክ ከ300 በታች ከሆኑ፣ ኤልኤች እና ፕሮላክቲን የሚባሉትን ሆርሞኖች መለካትን ጨምሮ ምክንያቱ ይፈለጋል። የጉንፋን ወይም የትኩሳት ሰሞን አትለኩ።

በዚህ ሰው ላይ ከስታቲኑ ይልቅ ቀድሞ መጠርጠር ያለበት የግፊቱ ክኒን ነው። የሚያሸኑ የግፊት መድኃኒቶች፣ ስፓይሮኖላክቶን፣ እንደ አቴኖሎል ያሉት፣ እንዲሁም ለድብርት የሚሰጡት እነ ሰርትራሊን ይህን ችግር በማምጣት ይታወቃሉ። ብዙዎቹን ሐኪም በሌላ ሊቀይራቸው ይችላል። የስኳር ምርመራም፣ በተለይ የሦስት ወር አማካይ የሚያሳየው፣ አይቅር።

የብልት ደም ሥር ስፋቱ ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊሜትር ያህል ነው፤ የልብ ደም ሥር ከሦስት እስከ አራት። ስብ ሁለቱም ውስጥ እኩል ሲጠራቀም ጠባቡ ቀድሞ ይዘጋል። የመቆም ችግር ከልብ ሕመም ሁለት ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ የሚቀድመው ለዚህ ነው። እንግዲህ በዚህ ምክንያት ስታቲን የሚያቋርጥ ሰው፣ ማስጠንቀቂያው በደረሰው ሰዓት መከላከያውን እየጣለ ነው። መጥፎው ኮሌስትሮል በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወደነበረበት ይመለሳል።

ጥርጣሬው አልለቅ ካላችሁ ከሐኪም ጋር ተነጋግራችሁ ለአራት ሳምንት አቁማችሁ፣ ከዚያ መልሳችሁ ጀምሩ፤ በየሳምንቱ ያንን አምስት ጥያቄ ያለውን መጠይቅ ሞልታችሁ አስቀምጡ። ሲቆም የማይሻሻል፣ ሲጀመርም የማይብስ ከሆነ ክኒኑ ነፃ ነው። ድንገተኛ የልብ ሕመም ወይም ስትሮክ የደረሰባችሁ፣ ወይም የደም ሥር ማስፋፊያ ሽቦ የገባላችሁ ግን ይህን በራሳችሁ አትሞክሩት።

ሲልደናፊል ወይም ታዳላፊል ከስታቲን ጋር መውሰድ በአብዛኛው ችግር የለውም። ለደረት ሕመም ምላስ ሥር የሚቀመጥ ናይትሬት የያዘ ሰው ግን ፈጽሞ አይንካቸው፤ ግፊቱ በድንገት ወርዶ ሊሞት ይችላል። ለወሲብ ተብሎ በፓኬት የሚሸጠው «ማር»ም ውስጡ ያልተጻፈ ሲልደናፊል ወይም ታዳላፊል ያለበት ሆኖ በአሜሪካ ተቆጣጣሪዎች ተገኝቷልና፣ ናይትሬት የሚወስድ አባት ወይም አጎት ካላችሁ በስጦታ አታምጡለት።