ከአንድ ሎጎ ሦስት አረንጓዴ ሲወጣ

«ቡና ላኪ ድርጅት ቢሮ ውስጥ ነው የምሠራው። ሎጎአችን አረንጓዴና ወርቃማ ነው። አረንጓዴው በሌተርሄዱ ላይ #0B5D3B፣ በፕሮፎርማው #146342፣ በፓወርፖይንቱ #2B7254 ሆኖ አገኘሁት። ሁሉም ከዚያው ሎጎ የተወሰደ ነው ይሉኛል። በወርቃማ የተጻፈው ርዕስ ደግሞ ሲታተም አይነበብም። ሰነዶቻችንን እንዴት አንድ ላድርጋቸው?»

ኮዶቹን እንዳየሁ የጠረጠርኩት በቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከ ጄፔግ ሎጎ ነው። ከመጀመሪያው ኮድ ወደ ሦስተኛው ሲሄዱ ቀዩም፣ አረንጓዴውም፣ ሰማያዊውም መጠን አብረው ወደ ነጭ ይጠጋሉ። አንድ ሰው በዓይኑ ሌላ አረንጓዴ መርጦ ቢሆን ኖሮ እንዲህ እኩል አይሄዱም ነበር። #2B7254 ማለት #0B5D3B ላይ 13 በመቶ ያህል ነጭ ሲጨመርበት ነው፤ እንዲህ ያለው ቀለም የሚገኘው ጠርዝ ላይ ነው።

ሎጎውን ከፍተው እስከ 800 በመቶ ያጉሉት። ፎቶ ሲቀነስ አረንጓዴውና ነጩ የሚገናኙበት ነጥብ የሁለቱ ድብልቅ ይሆናል። ጄፔግ በዚህ ላይ የራሱን ይጨምራል። ምስሉን 8 በ 8 ነጥብ ወዳላቸው ካሬዎች ይከፍለዋል፤ ብርሃንና ጥላውን ከቀለሙ ይለያል። ዓይናችን የብርሃንን ጥቃቅን ልዩነት አጥርቶ፣ የቀለምን ግን ያን ያህል አጥርቶ ስለማያይ፣ ብዙውን ጊዜ አራት ጎረቤት ነጥቦች አንድ የጋራ ቀለም እንዲይዙ ያደርጋል። በየካሬው ውስጥ ያለውን ጥቃቅን ዝርዝርም ይጥላል። ፋይሉ የሚቀለው በእነዚህ ነው። በፊደሎቹ ዙሪያ አቧራ የሚመስል ነገር የሚታየው በዋናነት ዝርዝሩ ስለሚጣል ነው። ቀለም መቅጃው `Eyedropper` ያንን አቧራ ከነካ የሚሰጠው ኮድ ሎጎው ውስጥ የሌለ ቀለም ነው፤ ሁለተኛ ቢነኩት ደግሞ ሌላ ይሰጣል።

ስለዚህ ሎጎውን ከሠራው ዲዛይነር `.svg` ወይም `.pdf` ይጠይቁ፤ በቴሌግራም ከላከው እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላክ። ከተገኘ ዋናውን ፋይል አይንኩት፤ ቅጂ አውጥተው በቅጂው ላይ ይሥሩ። ካልተገኘ ከሰፊው አረንጓዴ መሃል አምስት ቦታ ይንኩና የተደጋገመውን ኮድ ይያዙ። የእርስዎ #0B5D3B ይመስለኛል።

ወርቃማው #E0A526 አካባቢ ከሆነ በነጭ ወረቀት ላይ ያለው ንፅፅር 2.2 ለ 1 ብቻ ነው። ለተራ ጽሑፍ የሚፈለገው ቢያንስ 4.5 ለ 1 ነው፤ አረንጓዴው 8 ለ 1 ገደማ ይደርሳል። ስለዚህ ርዕሱ ሁሉ አረንጓዴ ይሁን። ወርቃማው ለመስመርና ለትንሽ ምልክት፣ ወይም በአረንጓዴ መደብ ላይ ለትልቅ ፊደል ይዋል። ከእነዚህ ሌላ የሚያስፈልግዎት ሦስት ብቻ ነው፦ ለጽሑፍ #1F2A25፣ ለግርጌ ማስታወሻ ግራጫ #5F6B66፣ ለሠንጠረዥ መደብ #E7EFEB። የመጨረሻው የራሱ የአረንጓዴው 10 በመቶ ነው። አሥራ ሁለት ቀለም ደርድረው «ብራንድ» ብለው የሚያስረክቡ ሰዎች ያናድዱኛል፤ ቢሮ ውስጥ ማንም በትክክል አይጠቀምበትም።

ዎርድ ላይ `Design`፣ `Colors`፣ `Customize Colors` ይክፈቱ። የጽሑፉን ቀለም `Text/Background - Dark 1`፣ ፈዛዛውን `Text/Background - Light 2`፣ አረንጓዴውን `Accent 1`፣ ወርቃማውን `Accent 2`፣ ግራጫውን `Accent 3` ላይ ያስገቡ። የኮድ ሳጥን የሌለው አሮጌ ዎርድ ከሆነ አረንጓዴው 11፣ 93፣ 59 ነው። `Accent 4` ላይ የአረንጓዴውን ግማሽ #85AE9D ይስጡ፤ የቀሩት ሁለቱ ላይ አረንጓዴውንና ግራጫውን ይድገሙ። እንደነበሩ ከተተዉ የኤክሴል ቻርት አራተኛና አምስተኛ ዓምድ ላይ የማያውቁት ቀለም ይወጣል። ከዚያ በ`Themes` ሥር `Save Current Theme` ብለው ያስቀምጡት፤ ያንኑ ፋይል ኤክሴልና ፓወርፖይንትም ይከፍቱታል።

ሰነዱ ግን ወዲያው ካልተስተካከለ አይደንግጡ። ከእርስዎ በፊት የነበረው ሰው ርዕሶቹን አንድ በአንድ በእጁ ቀብቷቸው ይሆናል፤ በእጅ የተቀባ ቀለም ቲሙን አይከተልም። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ከ`Colors` ዝርዝር ለጊዜው `Grayscale` ይምረጡ። ከሎጎው ሌላ አረንጓዴ ሆኖ የቀረ ካለ በእጅ የተቀባው እሱ ነው። መርጠው ከቲሙ ቀለም መልሰው ይስጡት፣ ከዚያ ወደ ራስዎ ቀለሞች ይመለሱ።

ይህ ሁሉ ለስክሪን ነው። በሪፊል ቶነር የሚሠራ የቢሮ ፕሪንተር አረንጓዴውን አንድ ቀን ያጠቁረዋል፣ አንድ ቀን ያደበዝዘዋል። በእሱ እየተመሩ ኮዱን አይቀይሩ፤ ርካሹ ቶነር ነው ጥፋተኛው። ማተሚያ ቤት ሲያሳትሙ ከመጀመሩ በፊት በሚታተምበት ወረቀት ላይ ናሙና ያስወጡ፣ ካመኑበት ፈርመው የያዙት ናሙና ይኑርዎት። ለማተሚያ ቤቱም ቅጂውን ይስጡ እንጂ ዋናውን ሎጎ ማንም ከፍቶ `Save` እንዲለው አይፍቀዱ።