አምቡላንስ ሳይገኝ አስም የተነሳበትን ሰው በሌሊት ይዞ መውጣት

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ባለቤቴ 34 ዓመቷ ነው፤ ከልጅነቷ ጀምሮ አስም አለባት። ባለፈው ወር ከሌሊቱ 8 ሰዓት ትንፋሽ አጥሯት ቀሰቀሰችኝ። ፓፉን ሁለት ጊዜ ነፋች፣ አልተሻላትም። አምቡላንስ ጠራሁ፤ መኪኖቹ ሌላ ቦታ ናቸው፣ ጠብቅ ተባልኩ። 40 ደቂቃ ጠበቅን። በመጨረሻ የጎረቤቴን በር አንኳኩቼ በቪትዙ ይዘናት ወጣን። ደረጃውን በእግሯ ወረደች፣ ከኋላ ወንበር ላይ አስተኛኋት፤ መንገዱ ጭር ስላለ ጎረቤቴ እንደ ንፋስ አበረረው፣ በ7 ደቂቃ ደረስን። ኦክስጅን ተሰጥቷት ሁለት ቀን ተኝታ ወጣች። ደግሞ ቢነሳባት ምን ላድርግ?

መልስ፦ እንኳን ተረፉልዎ። ከፍጥነቱ ልጀምር። ሆስፒታሉ 10 ኪሎ ሜትር ይርቃል እንበል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ቢነዳ 10 ደቂቃ ይፈጃል፤ ጎረቤትዎ በ7 ደቂቃ ገባ። ያተረፈላችሁ ሦስት ደቂቃ ነው። ለዚህች ሦስት ደቂቃ ሲባል በእናንተ አካባቢ መንገድ ላይ በሌሊት ምን እንደሚያጋጥም ያውቁታል፦ መብራቱን አጥፍቶ ዳር የቆመ ሲኖትራክ፣ ቀለም ያልተቀባ ጉብታ፣ ምልክት ሳይደረግበት የተቆፈረ አስፋልት፣ ውሻ፣ አንዳንዴም ጅብ። ባዶ መንገድ ሰውን ያታልላል። ሃዛርድ መብራት አብርቶ፣ መስቀለኛ ላይ ቀዝቀዝ ብሎ፣ በ60 መንዳት ይበቃል። ትልቁ ጊዜ የጠፋው አስፋልቱ ላይ ሳይሆን እቤት ውስጥ፣ በነዚያ 40 ደቂቃዎች ነው።

ስለዚህ ደንቡ ይህ ይሁን፦ አንድ ሰው በ907 ወይም በ939 አምቡላንስ ሲጠራ፣ ሌላው በዚያው ሰዓት የጎረቤት በር ያንኳኳ። ከሁለቱ ቀድሞ በተገኘው ይኬዳል። አምቡላንስ አሁን እየመጣ ነው፣ እዚህ ጋ ደርሷል ካልተባሉ አይጠብቁ። መኪና አግኝታችሁ ከወጣችሁ ደግሞ መልሳችሁ ደውሉና ጥሪውን ሰርዙ፤ መኪናው ለሌላ ሰው ያስፈልጋል። ጎረቤትዎን ዛሬውኑ በቀን ያነጋግሯቸው። ሌሊት በሩ ሲንኳኳ ለምን እንደሆነ ቀድመው ያወቁ ሰው ቁልፍ ፍለጋ አይንከራተቱም። የግቢው ጥበቃም ይወቅ፤ የበር ቁልፍ የያዘ ሰው ተኝቶ ስንት ደቂቃ እንደሚበላ ተረኛ ሆኜ ከቤተሰብ ደጋግሜ ሰምቻለሁ።

መቼ ነው መውጣት ያለባችሁ? አስም ላይ ምልክቱን የሚነግርዎ የባለቤትዎ ንግግር ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይጨርሱ መሀል ላይ ትንፋሽ ለመሳብ ከቆሙ ከባድ ነው። ስልክዎ ላይ ግማሽ ደቂቃ ይያዙና ትንፋሻቸውን ይቁጠሩ፤ ከ15 ከበለጠ ከባድ ነው። እነዚህ ከታዩ ፓፉ ይሠራ እንደሆነ እያዩ አይቆዩ፤ እየነፉ ይውጡ። ሌላው፣ ሰው የሚሳሳትበት ነገር ሲርታው፣ ማለትም የደረት ፉጨቱ ነው። ደረታቸው ሲያፏጭ ቆይቶ ድንገት ዝም ካለ ቤተሰብ «ተሻላት» ብሎ ይተነፍሳል። ሲርታው የጠፋው የአየር ቧንቧው ስለተከፈተ ከሆነ ሰውየው ይናገራል፣ ይረጋጋል። ዝም ብሎ ደግሞ የሚያንቀላፋ፣ የሚቃዥ ወይም የደከመው ከሆነ ግን የሚያፏጭ አየር ራሱ አልገባም ማለት ነው፤ ይህ ከሁሉም የከፋው ምልክት ነው። መጥቆርን ወይም ወደ ሰማያዊ መለወጥን በእኛ ቆዳ ላይ ፊት አይቶ መለየት ያስቸግራል፤ በስልክ ባትሪ ምላሳቸውንና የከንፈራቸውን ውስጥ ይመልከቱ።

አሁን ወደ ፓፉ። ሁለት ጊዜ መንፋት ለቀላል ጊዜ ነው እንጂ እንደዚያ ላለው ሌሊት አይበቃም። ሳልቡታሞል፣ ማለትም የጠበበ የአየር ቧንቧን ቶሎ የሚከፍተው ፓፍ፣ በከባድ ጊዜ ከ4 እስከ 10 ጊዜ ይነፋል፣ በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ በየ20 ደቂቃው ሊደገም ይችላል። ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ ይህ የመድኃኒቱ ጠባይ ነው፣ አስደንግጦ አያስቁማችሁ። ነገር ግን ትንፋሽ ያጠረው ሰው ፓፉን በቀጥታ አፉ ላይ አድርጎ ቢነፋ አብዛኛው መድኃኒት ጉሮሮ ላይ ይቀራል፤ መጫንና መሳብ እኩል አይገጥምለትም። ለዚህ ስፔሰር የሚባል፣ በፓፉና በአፍ መሀል የሚገባ ባዶ ቱቦ አለ። ከሌለ የግማሽ ሊትር የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ይሠራል። ይህ የችግር ጊዜ ማታለያ አይደለም፤ በሕፃናት ላይ ተሞክሮ ከሚገዛው ጋር የሚቀራረብ ውጤት ታይቶበታል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የጠርሙሱ ቂጥ ላይ የፓፉን አፍ ቅርጽ በእስክሪብቶ ይሳሉ፣ በጋለ ሽቦ ወይም በቢላ ጫፍ ያንኑ ያህል ይብሱ፤ ፓፉ ጠበቅ ብሎ መግባት አለበት፣ ከላላ ዙሪያውን በፕላስተር ያሽጉት። የተቀለጠውን ጠርዝ ያለስልሱ፣ ፍርፋሪም እንዳይቀር ውስጡን ይመልከቱ። ከዚያ በሳሙና ውሃ አጥበው ሳይወለውሉ በራሱ ይድረቅ፤ ጨርቅ ፕላስቲኩን ስለሚያፋትገው መድኃኒቱ ግድግዳው ላይ እየተለጠፈ ይቀራል። ሲጠቀሙ ፓፉን ይነቅንቁት፣ ባለቤትዎ የጠርሙሱን አንገት በከንፈራቸው ይያዙ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይጫኑ፣ እሳቸው በቀስታ አራት አምስት ጊዜ ይሳቡና ያውጡ። እንደገና ነቅንቀው ይድገሙት። ሁለት ሦስቱን በአንድ ላይ መጫን ጥቅም የለውም። በሰላሙ ቀን አንድ ጊዜ አብረው ይሞክሩት፤ ሌሊት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞከር ነገር አይሆንም። ደግሞ ፓፉ ባዶ መሆኑን በመነቅነቅ ማወቅ አይቻልም፣ መድኃኒቱ አልቆም ይንቦጫቦጫል። ብዙዎቹ 200 ጊዜ የሚነፋ ነው የሚይዙት፤ ቆጣሪ ከሌለው የተጀመረበትን ቀን ፕላስተር ላይ ጽፈው ይለጥፉበት።

ደረጃውን በእግር ማውረድ አይገባም ነበር። መውረድ ቀላል ይመስላል፤ ለመናገር አየር ያጠረው ሰው ግን አራት ፎቅ ሲወርድ የቀረችውን ይጨርሳል። ጠንካራ የፕላስቲክ ወንበር ይበቃል፦ ባለቤትዎን አስቀምጠው፣ አንዱ ከኋላ የወንበሩን መደገፊያ፣ ሌላው ከፊት እግሮቹን ይያዝ፣ ፊታቸው ወደ መውረጃው ሆኖ ወደኋላ ዘንበል አድርጋችሁ አውርዱ። ከፊት ያለው ሰው ደረጃውን በጀርባው ስለሚወርድ ሦስተኛ ሰው በባትሪ ያብራለት፤ የኮንዶሚኒየም ደረጃ አምፖል ሁልጊዜ ይበራል ብዬ አልምልም። ከመውጣታችሁ በፊት አንድ ዙር ይነፉላቸው፤ መኪና ውስጥ ከገቡ በኋላ ደግሞ ይቀጥሉ።

መኪና ውስጥ ማስተኛትም ትክክል አይደለም። ሲተኙ ሆድ ዲያፍራሙን፣ ከሳንባ ሥር ያለውን የመተንፈሻ ጡንቻ፣ ወደ ላይ ስለሚገፋ ሳንባ ቦታ ያጣል። ከኋላ ወንበር ቀጥ ብለው ይቀመጡ፣ ወደፊት ጎንበስ ብለው ክርናቸውን የፊተኛው ወንበር ጀርባ ላይ ያሳርፉ፤ የደረት ጡንቻዎች እንዲህ ሲደገፉ ይረዳሉ። እርስዎ አጠገባቸው ይቀመጡና ፓፉን ይያዙ፣ ስልኩ ከሾፌሩ ጎን ባለው ሰው እጅ ይሁን። ነጠላ ወይም ጋቢ አፋቸው ላይ አይጠምጥሙባቸው፤ መስኮቱንም በሙሉ አይክፈቱት። ሰው «ንጹሕ አየር ይግባላት» ይላል፤ የሌሊት ብርድ ግን የተቆጣ የአየር ቧንቧን ይበልጥ ያጠበዋል። መጠነኛ ክፍተት ይበቃል። የመኪና ሽቶ ካለ ይነሳ። እቤትም ቢሆን እጣን፣ ከሰል፣ የተቀጠቀጠ ነጭ ሽንኩርት ማሽተት የለም፣ ውሃም በግድ አይጋቱ። እያንቀላፉ ከመጡ አገጫቸው ደረታቸው ላይ እንዳይወድቅ ጭንቅላታቸውን ደግፉ። ትንፋሽ ከቆመ፣ ገና ሆስፒታሉ በር ላይ ካልሆናችሁ፣ መኪናውን ዳር አቁሙ፤ በሚሄድ መኪና ውስጥ ደረትን በትክክል መጫን አይቻልም። መሬት ላይ አንጋላችሁ፣ የደረታቸውን መሀል በደቂቃ 100 እስከ 120 ጊዜ በጠንካራው ተጫኑ፣ ሰው ካለ እየተቀያየራችሁ።

የት ይኬዳል የሚለው ቀን ላይ የሚወሰን ነገር ነው። ለእናንተ ወገን ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል አለ። ነገር ግን ከዚያ ይልቅ የሚቀርብ ጤና ጣቢያ ካለ በቀን ሄደው ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ ሌሊት ተረኛ አለ ወይ፣ ኦክስጅንና መድኃኒትን እንደ ጉም አድርጎ የሚያስተነፍሰው ኔቡላይዘር በሌሊቱም ይሠራል ወይ። አለ ከተባሉ፣ ባለቤትዎ መንገድ ላይ ከከፋባቸው መጀመሪያ እዚያ ይግቡ፤ ኦክስጅን ላይ ሆነው ወደ ሆስፒታል ሪፈር ይባላሉ። እንደወጡት ከሆኑ፣ ማለትም ቃል እያወጡ ከሆነ፣ በቀጥታ ሆስፒታል።

ሆስፒታል ስትደርሱ ሁለት ሆናችሁ ተከፈሉ። አንዱ ወደ ካርድ ክፍል፣ ሌላው ከሕመምተኛዋ ጋር በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል። ለበሩ ጥበቃም፣ ማን ቀድሞ እንደሚታይ ለምትለየው ትሪያጅ ነርስም የምትሉት አጭር ይሁን፦ «አስም ነው፣ መናገር አቅቷታል፣ ከ8 ሰዓት ጀምሮ ነው፣ ሳልቡታሞል 10 ጊዜ ነፍተናል።» ከምሽቱ እራት ጀምሮ መተረክ ወረፋ ላይ ያቆያችኋል። ለድንገተኛ ሕመምተኛ ገንዘብ ቀድሞ ሳይጠየቅ መታከም መብት ነው፤ ጥሬ ገንዘብ ፍለጋ እቤት አትዘግዩ። የሚወስዱት መድኃኒት ሁሉ፣ ከነካርቶኑ፣ አንድ ፌስታል ውስጥ ሆኖ በሩ ጀርባ ይንጠልጠል።

እኔም የምጠይቅዎ አንድ ነገር ቀርቶኛል። ባለቤትዎ ከሳልቡታሞል ሌላ በየቀኑ የሚነፉት እንደ ቤክሎሜታዞን ያለ የቧንቧ ቁጣ አብራጅ መድኃኒት አላቸው? ደብዳቤዎ ላይ አልጠቀሱትም። ሳልቡታሞል የጠበበውን ለጥቂት ሰዓት ይከፍታል፣ የሚያጠበውን ቁጣ ግን አይነካውም፤ በእሱ ብቻ የሚኖሩ ሰዎች ናቸው ብዙውን ጊዜ ከሌሊቱ 8 ሰዓት የሚመጡልን። ከሆስፒታል ሲወጡ የክትትል ቀጠሮ ካልተሰጣቸው በዚህ ሳምንት ይሂዱ፣ ለሐኪሙም ሦስት ቁጥር ይዘው ይቅረቡ፦ በሳምንት ስንት ቀን ፓፉን እንደሚነፉ፣ በወር ስንት ሌሊት አስሙ እንደሚቀሰቅሳቸው፣ በዓመት ስንት ጊዜ ድንገተኛ ክፍል እንደገቡ።