አረቦናችሁን ማን በላው?

ደብረ ብርሃን ላይ አይሱዙ ገዝታችሁ ሥራ የጀመራችሁ ልጆች ኢንሹራንስ ስታድሱ የምትሉትን እሰማለሁ። «አራት ዓመት ከፈልኩ፣ ጭረት እንኳ አልነካኝም። ብሬን በሉት!» ያረጀሁት በዚሁ ሥራ ላይ ነውና ማን እንደበላው ልንገራችሁ። ጣርማበር ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ ያለው ሰው ነው የበላው።

ለስሌት እንዲቀለን አንድ መኪና 1 ሚሊዮን ብር ያወጣል እንበል። በዓመት ከ100 መኪና አንዱ ሙሉ በሙሉ ይወድማል ብለንም እንያዝ። የእያንዳንዱ ድርሻ 10,000 ብር ይሆናል። ለክፉ ቀን 3,000 ጨምረን አረቦኑን 13,000 እናድርገው። የቢሮውን ወጪ ለጊዜው እንተወው።

አሁን ኩባንያው 100 ደንበኛ ብቻ ቢኖረውስ? የሚሰበስበው 1.3 ሚሊዮን ነው። አንድ መኪና ከወደመ ይከፍላል፣ ይተርፈዋልም። ግን አደጋ ተራ ጠብቆ አይመጣም። በዚህ ስሌት በአራት ዓመት አንዴ ገደማ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ መኪና በአንድ ዓመት ይወድማል። ያኔ ካሳው ቢያንስ 2 ሚሊዮን ነው። ኩባንያው አለቀለት።

ደንበኞቹን 10,000 አድርጓቸው። አረቦኑ ያው 13,000 ነው። በአማካይ 100 መኪና ይወድማል። መጥፎ ዓመት ሲመጣ 110፣ ሲብስ 120 ይሆናል። ከ130 ማለፉ እጅግ ብርቅ ነው፤ የተሰበሰበው ደግሞ እስከ 130 ይችላል። አደጋው አልቀነሰም፤ የሚገመት ሆነ እንጂ። አረቦን ሳይጨምር ኩባንያውን ያቆመው የሰው ብዛት ነው።

ብዛት የማያድንበትም ቦታ አለ። መንዝ ውስጥ 10,000 ገበሬ ገብሱን ኢንሹራንስ ቢያስገባ አንድ ሌሊት የወረደ ውርጭ ሁሉንም ሊመታ ይችላል። ወረቀቱ ላይ 10,000 ደንበኛ ነው፤ ለኩባንያው ግን እንደ አንድ ትልቅ ደንበኛ ነው። ስለዚህ ኩባንያው አደጋውን ከፋፍሎ ለጠለፋ መድን ሰጪ፣ ማለትም ለኢንሹራንስ ኩባንያዎች ራሳቸው ኢንሹራንስ ለሚሰጥ ድርጅት ያሳልፋል። እሱ ደግሞ ከሌላ አገርና ከሌላ ዓይነት አደጋ ጋር ያቀላቅለዋል። የመንዝ ውርጭ የሌላ አገር መርከብ አያሰጥምም፤ ሁለቱ አንድ ላይ የሚመቱት ቢገጣጠም ብቻ ነው።

ሌላው ችግር ከእኛው ይመጣል። ቁልቁለቱን የሚመላለሰው ብቻ ሙሉ ኢንሹራንስ ገብቶ ሜዳ ላይ የሚሠራው ቢቀር፣ ከ100 አንድ የነበረው ሦስት ይሆናል። አረቦኑ ይወደዳል። ሲወደድ ጠንቃቃው ይወጣል፣ እንደገና ይወደዳል። ፎርም ላይ የመኪናው ሥራ ምንድን ነው፣ በየት መንገድ ይሄዳል ተብላችሁ የምትጠየቁት ለዚህ ነው። ሸዋ ሮቢት ድረስ ጭነት እያመላለሳችሁ «የከተማ ሥራ» ብላችሁ አትሙሉ። ርካሽ አረቦን ትከፍሉ ይሆናል፤ ካሳ ልትጠይቁ ስትሄዱ ግን መጀመሪያ የሚወጣው ያ ፎርም ነው።